ሳምንታዊው ስብሰባ አንድ ቀን ሲዞር ወይ ሲዘለል ካላንደሩ ላይ ምን ብለን እንጻፍ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ይሄን የጻፍኩት ባህር ዳር ቢሮ ቁጭ ብለው ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከኢንጅባራ ልጆች ጋር በየሳምንቱ ቋሚ ስብሰባ ላላቸው ሰዎች ነው። ስብሰባው ካላንደር ላይ አንዴ ተሞልቶ "በየሳምንቱ ይደገም" ተብሏል፣ ሁሉም ተጋብዟል፣ እስከዚህ ሰላም ነው። ችግሩ የሚመጣው አንዷ ቀን ብቻ ስትበላሽ ነው። ምሳሌዎቹን በጎግል ካላንደር ነው የሰራኋቸው፣ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ፣ አውትሉክ ለየት የሚልበትን ደግሞ ወደ መጨረሻው ላይ እመጣበታለሁ።

ስብሰባችን ሁልጊዜ ሰኞ ነው፣ ጥምቀት ሰኞ ዋለና ወደ ረቡዕ አዞርነው። ግብዣው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

የ2018ን ጥምቀት እንውሰድ። ጥር 11 ሰኞ ነው የዋለው፣ በፈረንጁ ጃንዋሪ 19። ማክሰኞ ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ሚካኤልም ነው፣ ታቦት የሚሸኘው ሰው ብዙ ስለሆነ ማክሰኞን እንርሳው። ስለዚህ ስብሰባው ረቡዕ ጥር 13፣ ጃንዋሪ 21 ሆነ እንበል።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ሳጥኑን በጣቱ ይዞ ከሰኞ ወደ ረቡዕ መጎተት ነው፣ ከዛ ይልካል፣ በቃ። ርዕሱ ግን "የሰኞ ሳምንታዊ ስብሰባ" እንደሚል ይቀራል። ተቀባዩ ኢሜይሉ ላይ የሚያየው `Updated invitation` የሚል መነሻ፣ ቀጥሎ "የሰኞ ሳምንታዊ ስብሰባ"፣ ቀጥሎ የረቡዕ ቀን ነው። ሰኞ የሚል ርዕስና ረቡዕ የሚል ቀን አንድ መስመር ላይ ተቀምጠው የትኛውን ይመን? የድሮው ቀን እዛ መስመር ላይ ስለሌለ ደግሞ ይሄ የትኛውን ሰኞ ነው የተካው የሚለው አይታወቅም። ኢንጅባራ ያለው ልጅ ስልክ አንስቶ "ጋሼ፣ ሰኞ አለ ወይስ የለም?" ቢል አይፈረድበትም።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። የዛችን አንድ ቀን ርዕስ ብቻ እቀይራለሁ፣ ለውጡን ከፊት አስቀድሜ የስብሰባውን ስም ከኋላ አስከትላለሁ፦

> ወደ ረቡዕ ጥር 13 ዞሯል፦ ሳምንታዊ ስብሰባ

ከፊት የሚቀመጠው ስልክ ላይ ርዕሱ ስለሚቆረጥ ነው። ኖቲፊኬሽን ላይ የሚታየው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው፣ "ሳምንታዊ ስብሰባ (ወደ ረቡዕ..." ብለህ ከጻፍክ "ወደ" ላይ ይቆረጥና ሰውየው ምንም አዲስ ነገር ሳያይ ያልፋል። ስሙን ግን አትንካው፣ አንዱን ሳምንት "ሳምንታዊ ስብሰባ" አንዱን ሳምንት "የቡድን ውይይት" ካልከው በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

መግለጫው ውስጥ ደግሞ ከአጀንዳው በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ ይገባል፦

> የሰኞ ጥር 11 (ጃንዋሪ 19) ስብሰባ በጥምቀት ምክንያት ለዚህ ሳምንት ብቻ ወደ ረቡዕ ጥር 13 (ጃንዋሪ 21) ዞሯል። ሰዓቱ ያው ጠዋት 3:00 ነው። ከሰኞ ጥር 18 (ጃንዋሪ 26) ጀምሮ እንደ ወትሮው ሰኞ ሰኞ እንቀጥላለን።

እዚህ ውስጥ ሰው ሁሌ የሚረሳው "ለዚህ ሳምንት ብቻ" የሚለውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው። እነሱ ከሌሉ ግማሹ ሰው ስብሰባው ለዘለቄታው ረቡዕ የሆነ ይመስለዋል፣ ጥር 18 ሰኞ ጠዋት አንተ ስክሪን ፊት ብቻህን ትቀመጣለህ። ቀጣዩን መደበኛ ቀን በቀን ቁጥር መጻፍ ነው ያለብህ፣ "በሚቀጥለው ሰኞ" አይበቃም፣ ምክንያቱም መልእክቱን አርብ ያነበበው ሰውና ማክሰኞ ያነበበው ሰው "የሚቀጥለው ሰኞ" ሲባሉ ሌላ ሌላ ቀን ነው የሚያስቡት።

ሳስቀምጠው ሦስት ምርጫ ያመጣብኛል፣ የቱን ልንካ?

`This event` የሚለውን። ሌሎቹ ሁለቱ `This and following events` እና `All events` ናቸው። የመጨረሻውን ብዙም ሰው አይነካውም፣ ስሙ ራሱ ያስፈራል። ጦሱ ያለው መሃለኛው ላይ ነው። እሱን ከነካህ ካላንደሩ ስብሰባውን ለሁለት ይቆርጠዋል፣ እስከ ጥር 4 ያለው ሰኞ ሆኖ ይቀራል፣ ከዛ ወዲህ ያለው በሙሉ ረቡዕ ይሆናል፣ ያቺ "ወደ ረቡዕ ጥር 13 ዞሯል" ያልካት ርዕስም በየሳምንቱ እየተደገመች ትሄዳለች። የካቲት ላይ ሰዎች "ጥር 13 ዞሯል" የሚል ግብዣ ሲደርሳቸው አስበው።

መሳሳትህን የምታውቀው ቀላል ነው፣ አንድ ሳምንት ወደፊት ሂድና እይ። ሳጥኑ ሰኞ ጥር 18 ላይ ካለ ደህና ነው። ረቡዕ ጥር 20 ላይ ካየኸው መሃለኛውን ነክተሃል ማለት ነው። ወዲያው ካየኸው ታች የምትመጣዋን `Undo` ንካት። ካለፈችህ ግን ከረቡዕ ጥር 20 ጀምሮ ያለውን መልሰህ ሰኞ ማድረግ አለብህ፣ እዛ ላይ ደግሞ የሚላከው መልእክት "በስህተት የተላከውን የረቡዕ ግብዣ ተዉት፣ ከጥር 18 ጀምሮ ሰኞ ነው" ከሚል በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሰኞን አጥፍቼ ለረቡዕ አዲስ ኢቨንት ብከፍትስ? ያው አይደለም?

ለአንተ ያው ነው፣ ለተጋባዡ አይደለም። እሱ ጋር ሁለት ኢሜይል ነው የሚደርሰው፣ አንዱ `Canceled event` የሚል አንዱ አዲስ ግብዣ። የመጀመሪያውን አይቶ "እሰይ፣ ቀረ" ብሎ ስልኩን ኪሱ የከተተ ሰው ሁለተኛውን የሚያይበት ምክንያት የለውም።

ከጀርባ ያለውም ይለያያል። ሳጥኑን ስታዞረው ካላንደሩ ይቺ የረቡዕ ስብሰባ የዛች የሰኞዋ ምትክ እንደሆነች ያውቃል፣ ፋይሉ ውስጥ የድሮውን ቀንና አዲሱን ቀን አብሮ ነው የሚይዘው፦

```
RECURRENCE-ID;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260119T090000
DTSTART;TZID=Africa/Addis_Ababa:20260121T090000
```

የላይኛው መስመር "የጃንዋሪ 19ኟ ማለቴ ነው" ይላል፣ የታችኛው "አሁን ጃንዋሪ 21 ሆናለች" ይላል። በዚህ ምክንያት ነው ሰውየው ካላንደር ላይ የሰኞው ሳጥን በራሱ ተነስቶ ረቡዕ የሚቀመጠው። አጥፍተህ አዲስ ስትከፍት ይሄ ዝምድና የለም፣ አዲሱ ብቻውን የቆመ ስብሰባ ነው፣ የተያያዘው ፋይልና የቪዲዮ ሊንኩም አብሮት አይመጣም። አዲስ መክፈት የሚያዋጣው የሚገኙት ሰዎች የተለዩ ከሆኑ ነው፣ ለምሳሌ የረቡዑን የደብረ ማርቆስና የቡሬ ልጆች ብቻ የሚካፈሉት ከሆነ። ያኔም የአዲሱ የመጀመሪያ መስመር "ይሄ የሰኞ ጥር 11 ስብሰባ ምትክ ነው" ማለት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ግብዣውን በፋይል አውርዶ ስልኩ ላይ የጫነ ወይ በእጁ ካላንደሩ ላይ የጻፈ ሰው ካለ አንተ ምንም ብታዞር እሱ ጋር ምንም አይነካም፣ የድሮዋ ሰኞ እንዳለች ትጮኻለች። ለነሱ መደወል ነው።

ሳይዞር ጭራሽ የሚቀር ከሆነስ? ልሰርዘው ወይስ "የለም" ብዬ ልተወው?

ሰዎቹ ከየት ነው የሚመጡት የሚለው ነው የሚወስነው። ሁሉም ባህር ዳር ያለ ከሆነ ሰርዘው፣ ንጹህ ነው። ስትሰርዝም ለተጋባዦች ይላክ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ `Send` በል፣ መልእክት መጻፊያዋን ቦታ ደግሞ ባዶ አትተዋት። `Canceled event` የሚል ኢሜይል ብቻውን ሲደርስ ስብሰባው እስከነ ሥሩ የፈረሰ ነው የሚመስለው።

ሰው ከሌላ ከተማ ተነስቶ የሚመጣ ከሆነ ግን እኔ አልሰርዝም። ባዶ ቦታ ምንም አይናገርም፣ ካላንደሩን ከፍቶ ምንም ያላየ ሰው "ኔትወርክ ነው፣ አልመጣልኝም" ብሎ እንደ ልማዱ መኪና ይሳፈራል።

የኢንጅባራውን እንይ። በየፈረንጁ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ባህር ዳር ላይ ስልጠና አለ እንበል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ኢንጅባራ ላይ ይከበራል፣ በ2018 ይሄ ቀን ጃንዋሪ 31 ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ የጃንዋሪም የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። ከአዊ የሚመጣ ሰው ያን ቀን ስልጠና ና ብትለው ይስቅብሃል፣ ከባህር ዳርም ወደዛ የሚሄደው ብዙ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ትቼ ርዕሱን እንዲህ አደርጋለሁ፦

> የለም (ቅዳሜ ጥር 23)፦ ወርሃዊ ስልጠና

መግለጫው ላይ፦

> የጥር 23 (ጃንዋሪ 31) ስልጠና በፈረሰኞች በዓል ምክንያት የለም፣ ምትክ ቀንም አልተያዘለትም። ቀጣዩ የካቲት 21 (ፌብሩዋሪ 28) ቅዳሜ ነው።

"ምትክ ቀን አልተያዘለትም" የምትለዋ ሐረግ ብዙ ስልክ ታስቀራለች፣ "ታዲያ መቼ ሆነ?" የሚለውን ከመጠየቁ በፊት ትመልሳለች።

ሳጥኑን የመተው ጣጣው ማስታወሻው ነው። አንተ የራስህን ኖቲፊኬሽን ብታጠፋም የሌሎቹ በየራሳቸው ስልክ የተሞላ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት "ስልጠና ሊጀመር ነው" ብሎ ይጮህባቸዋል። ለዚህ ነው "የለም" የሚለው ቃል ርዕሱ መጀመሪያ ላይ መሆን ያለበት፣ ቢጮህም "የለም" ብሎ ይጩህ። አዳራሽ ወይ ክፍል በካላንደሩ ተይዞ ከሆነ ክፍሉን ከግብዣው አስወጣው፣ ካልሆነ ማንም የማይገባበት አዳራሽ ተይዞ ይውላል። የራስህንም ሰዓት `Busy` ከሚለው ወደ `Free` ቀይረው።

"ተራዝሟል" ማለት አይሻልም? ጨዋ ይመስላል።

ጨዋ ይመስላል፣ ግን አደናጋሪ ነው። "ስብሰባው ተራዝሟል" ሲባል ቀኑ ገፋ ማለትም ይሆናል፣ የአንድ ሰዓቱ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ሆነ ማለትም ይሆናል። "ተላልፏል" ደግሞ ቀኑ ካልተጠራ ላልታወቀ ጊዜ ያስመስለዋል። ቀን ካለው "ወደ እንትን ቀን ዞሯል"፣ ቀን ከሌለው "የለም"፣ እኔ በነዚህ ሁለቱ ነው የምኖረው። "ተሰርዟል"ን የማስቀምጠው ስብሰባው ራሱ እስከመጨረሻው ለሚፈርስበት ቀን ነው።

ሰዓቱን በሀበሻ ልጻፍ በፈረንጅ?

መግለጫው ላይ "ጠዋት 3:00" በል፣ ጠዋት የምትለዋን ሳትረሳ። የካላንደሩ ሳጥን ራሱ 9:00 ይላል፣ ሁሉም ሰው ለምዶታል። ችግሩ "ረቡዕ 9:00" ብለህ በጽሑፍ የጻፍክ እንደሆነ ነው፣ ግማሹ ጠዋት ይመጣል ግማሹ ከሰዓት በኋላ።

ርዕሱ ላይ ግን ሰዓት ጭራሽ አትጻፍ። ሰዓቱን ካላንደሩ ራሱ ያሳያል፣ ውጭ አገር ያለ ተሳታፊ ካለም ወደሱ ሰዓት ለውጦ ያሳየዋል። አንተ በፊደል የጻፍከውን ግን ማንም አይለውጠውም፣ ነገ ስብሰባውን በአንድ ሰዓት ብትገፋው ርዕሱ የድሮውን እየዋሸ ይቀጥላል። ቀን ርዕሱ ላይ የምጽፈው የዞረችው አንዷ ቀን ላይ ብቻ ነው፣ ቋሚው ርዕስ ላይ "የሰኞ" የምትለዋንም ባታስገባት ይሻላል፣ ከላይ ያየነው ግራ መጋባት የመጣው ከሷ ነው።

ኢትዮጵያዊውንም የፈረንጁንም ቀን አንድ ላይ መጻፌ ሲበዛ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ግን ስልኩ የሚያሳየው ጃንዋሪ 21ን ነው፣ ሰው በአፉ የሚያወራው ጥር 13ን ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኝለት መስመር ካልሰጠኸው ራሱ ሊያሰላ ነው፣ ሲያሰላ ደግሞ በአንድ ቀን ይስታል።

ምክንያቱን መጻፍ ግድ ነው?

በዓል ከሆነ በአንድ ቃል ጻፈው፣ "በጥምቀት ምክንያት" በቃ። የሰው የግል ጉዳይ ከሆነ ግን ግብዣው ላይ አይጻፍም። አንዱ ታመመ፣ አንዷ ሀዘን ደረሰባት እንበል፣ ካላንደሩን የሚያየው ቡድኑ ብቻ አይደለም፣ ከሌላ ቢሮ የተጋበዘውም ያየዋል፣ ዓመት ቆይቶም እዛው ተጽፎ ይገኛል። "አስተባባሪው ስለማይመቻቸው" ይበቃል። ለቅሶ መድረስ ያለበት ሰው በስልክ ይሰማል።

አንዴ ወደ ረቡዕ አዞርነው፣ አሁን ደግሞ ሐሙስ ሊሆን ነው። እንዴት ልጻፈው?

የድሮውን ጽሑፍ ላይ አትደርብበት። "ወደ ረቡዕ ዞሯል፣ ወደ ሐሙስ ዞሯል" የሚል ርዕስ አይቼ አውቃለሁ፣ ማንም አንብቦ አይገባውም። የረቡዑን አጥፋና የመጨረሻውን ብቻ ተው፦

> ወደ ሐሙስ ጥር 14 ዞሯል፦ ሳምንታዊ ስብሰባ

መግለጫው ላይ "ቀደም ሲል ረቡዕ ጥር 13 ብለን ነበር፣ እሱ ቀርቷል" የምትል አንዲት መስመር ትጨምራለህ፣ የረቡዑን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ስላለ። ሰዎች "እሺ" ብለው የመለሱትም ለድሮው ቀን ስለሆነ "ለሐሙስ የማይመቸው ካለ እስከ ማክሰኞ ማታ ይንገረን" ብለህ ጠይቅ። ሦስተኛ ጊዜ ሊዞር ከሆነ ግን ያን ሳምንት ዝለሉት፣ በራሳችሁ አትፍረዱ።

ቴሌግራም ላይ ካልኩት አይበቃም ወይ?

ሰው ቶሎ የሚያየው ቴሌግራምን ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ኢሜይል በሳምንት አንዴ የሚከፍት ስንት አለ። ግን ቴሌግራም ላይ ብቻ ብለህ ካላንደሩን ካልነካህ ሰኞ ጠዋት ስልኩ ያስታውሰዋል፣ መልእክቱ ደግሞ በመቶ የጥምቀት ፎቶ ስር ተቀብሯል። መጀመሪያ ካላንደሩን አዙር፣ ከዛ የመግለጫውን የመጀመሪያ መስመር ቃል በቃል ኮፒ አድርገህ ግሩፑ ላይ ልቀቀው። በራስህ ቃል እንደገና ካሳጠርከው "ለዚህ ሳምንት ብቻ" የምትለዋ ነው ቀድማ የምትወድቀው። ፒን ካደረግከው ደግሞ ረቡዕ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ፒኑን አንሳው።

እኛ አውትሉክ ነው የምንጠቀመው፣ ይለያል?

አጻጻፉ አይለይም። አንዱን ቀን ብቻ ለመቀየር ስትከፍተው ሙሉ ተከታታዩን ሳይሆን ያቺን ቀን ብቻ መርጠህ ክፈት። የዴስክቶፑ አውትሉክ አንድ ክልከላ አለው፣ የዞረችውን ቀን ከቀጣዩ መደበኛ ቀን አሳልፈህ መውሰድ አትችልም፣ የጥር 11ን ሰኞ ከጥር 18 ሰኞ ወዲያ ማድረግ እምቢ ይልሃል፣ ያኔ መዝለልና ለብቻው አዲስ መክፈት ነው። ሌላው፣ አንዳንድ ቀን አዙረህ ስታበቃ የተከታታዩን መደጋገሚያ ብትቀይር ያዞርካቸው ቀናት ሁሉ ይጠፋሉ፣ ያስጠነቅቅሃል ግን ማን ያነበዋል። ስለዚህ ቋሚውን ቀን ወይ ሰዓት መቀየር ካለብህ እሱን አስቀድም፣ የጥምቀቷን ቀን ከዛ በኋላ አዙር።

ቀኑ ካለፈ በኋላ ርዕሱን ወደ ነበረበት ልመልሰው?

ተወው። ያለፈ ስብሰባ ላይ ርዕስ በቀየርክ ቁጥር ልላክ ወይስ ልተው ሊልህ ይችላል፣ በስህተት `Send` ካልክ ሐሙስ ማታ ሃያ ሰው ስለ ረቡዕ ስብሰባ አዲስ ኢሜይል ይደርሰዋል። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውም ሰው "ወደ ረቡዕ ጥር 13 ዞሯል" የሚለውን አይቶ ነው የሰኞው ለምን እንደሌለ የሚያውቀው።